በሰማዩ ላይ ያሉት ነጥቦች ከሴንሰሩ ናቸው ወይስ ከሌንሱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ካኖን 6ዲ ካሜራና ባለ 24–105 ዙም ሌንስ አለኝ። መስከረም ላይ ጢስ ዓባይ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ጣና ላይ የማነሳቸው ፎቶዎች ሰማያቸው ላይ ጥቁር ነጥቦች አሉባቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰፋፊ ግራጫ እድፍ ይታያል። ሌንሱን ደጋግሜ ብወለውለውም አልጠፋም። ጓደኛዬ ሴንሰሩን በአልኮልና በሶፍት ጥረገው አለኝ። ላድርገው?

ምላሽ፦

አያድርጉት። ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፤ ከማጽዳቱ በፊት ግን መለየቱ ይቀድማል። ከገለጻዎ እንደምረዳው ምንጫቸው የተለያየ ሁለት ችግሮች በአንድ ፎቶ ላይ ተደራርበውብዎታል። ትንንሾቹ ጥቁር ነጥቦች ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ይመስሉኛል፤ ሰፋፊዎቹ ግራጫ እድፎች ደግሞ ከፏፏቴው ርጭት ሌንሱ ፊት ላይ የደረቁ ጠብታዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዱን ለማጥፋት ሌላውን መወልወል ከንቱ ድካም ስለሆነ፣ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ በቅድሚያ ላስረዳ።

ሴንሰር ብለን የምንጠራው ክፍል ብርሃን ተቀባዩ ቺፕ ራቁቱን የተቀመጠበት አይደለም። ከፊቱ መስታወትና ማጣሪያ ተደርቦበታል፤ አቧራ የሚያርፈውም፣ እኛም የምናጸዳው ይህንኑ የላይኛውን መስታወት ነው። በመስታወቱ ገጽና በቺፑ መካከል በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ክፍተት አለ። ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ይህ ትንሽ ክፍተት ነው፤ አቧራው ፎቶ ውስጥ የሚታየው ራሱ ሆኖ ሳይሆን ከዚያ ከፍታ ቺፑ ላይ የሚጥለው ጥላ ሆኖ ስለሆነ ነው።

ከሌንሱ የሚመጣው ብርሃን ወደ እያንዳንዱ የፎቶ ነጥብ የሚደርሰው ከሰፊ ጀምሮ ወደ ጫፍ እንደሚጠብ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጣጣ ሆኖ ነው። አፐርቸር የምንለው የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ሲከፈት ሾጣጣው ሰፊ፣ ሲጠብ ደግሞ ቀጭን ይሆናል። ለስሌት እንዲመች ክፍተቱን 2 ሚሊ ሜትር እንበለው። በ f/4 ሾጣጣው አቧራው ባረፈበት ከፍታ ላይ 2 ለ 4 ተካፍሎ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ በ f/22 ግን 2 ለ 22 ተካፍሎ 0.09 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አሁን ስፋቱ 0.06 ሚሊ ሜትር የሆነ የአቧራ ቅንጣት ይህ ሾጣጣ መካከል ገባ እንበል። በ f/4 የሚከለክለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብርሃን ስለሆነ ዓይን አይለየውም፤ በ f/22 ግን ከብርሃኑ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይጋርዳል፤ ያን ጊዜ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሠርግ በ f/4 ሲያነሱ ካሜራዎ ንጹሕ የሚመስልዎት፣ የሐይቁን ማለዳ በ f/16 ሲያነሱ ግን በድንገት የቆሸሸ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። አቧራው ትናንትም ነበረ፤ የተገለጠው ቀዳዳው ሲጠብ ነው።

የሌንሱ ፊት ጉዳይ ሌላ ነው። የፊተኛው መስታወት ከፎከስ እጅግ የራቀ ስለሆነ እዚያ ያለ አሻራ ወይም አቧራ የራሱን ቅርጽ ፎቶው ላይ አያወጣም። ሌንስዎ በ105 እና በ f/4 ላይ ሲሆን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ወደ 26 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ እድፍ የሚከለክለው ብርሃን ከሺህ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የቆሸሸ ሌንስ ምልክቱ ነጥብ ሳይሆን ድባብ ነው፦ ፎቶው በጠቅላላ ይደበዝዛል፣ ጥቁሩ ክፍል ግራጫ ይሆናል፣ በመብራት ዙሪያ ጉም የመሰለ ብርሃን ይከባል፣ ፀሐይ ከፊት ስትሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ይብሳል። ማታ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ የመብራቶቹን ምሰሶዎች አንስተው እያንዳንዱ መብራት ጭጋግ ለብሶ ካገኙት፣ ሴንሰሩን ትተው ሌንሱን ይመልከቱ።

ይህ ደንብ አንድ ትልቅ ልዩነት አለው፤ የእርስዎን ፎቶዎች ያደናገረውም እሱ ይመስለኛል። ሌንሱ በ24 ላይ ሆኖ ቀዳዳው f/22 ከሆነ የብርሃኑ መግቢያ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሌንሱ ፊት ላይ የደረቀ አንድ የውኃ ጠብታ ከመግቢያው ራሱ ይሰፋልና፣ ጠርዝ የሌለው፣ የለሰለሰ፣ ሰፊ ግራጫ እድፍ ሆኖ ይወጣል። በክረምቱ ማብቂያ ጢስ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ ርጭቱ ማዶ ድረስ ይደርሳል፤ ከገደሉ ፊት ለፊት ቆሞ ሰፊውን እይታ በጠባብ ቀዳዳ ያነሳ ሰው ይህን እድፍ ሳያገኝ አይመለስም። ወደ 70 ወይም 105 ሲያስጠጉት እድፉ ይጠፋል፤ የሴንሰር ነጥብ ግን ዙሙ ቢቀየርም ካለበት ንቅንቅ አይልም።

መለያውን ሙከራ እንዲህ ያድርጉት። ሌንሱን ወደ 70 ወይም ከዚያ በላይ ያስጠጉ፤ የመምረጫውን ጎማ Av ላይ ያድርጉ፤ ቀዳዳውን f/22፣ አይ ኤስ ኦ 100 ያድርጉ። ፎከሱን በእጅ አድርገው ወደ ሩቅ ያዙሩት፤ ከዚያም ከሌንሱ አንድ ጋት ያህል ርቆ በተያዘ ነጭ ወረቀት ላይ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ፍሬሙን ሙሉ በሙሉ ሸፍነው ያንሱ። ወረቀቱ ግራጫ ሆኖ እንዳይወጣ መጋለጡን በአንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት፤ በአውቶማቲክ ከተዉት ካሜራው ነጩን ያጨልመዋል። ሹተሩ ቀስ ብሎ ቢከፈትና ቢዘጋ አያስጨንቅዎ፤ እንዲያውም ሹተሩ ክፍት በሆነበት ጊዜ ወረቀቱን በትንሹ ማንቀሳቀስ ይጠቅማል፤ የወረቀቱ ገጽታ ይደመሰስና የሴንሰሩ ጥላ ብቻ ቆሞ ይቀራል። ሰማይን ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በእኛ አገር አልመክረውም። በጣና ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ሁልጊዜ አቧራ አይደለም፤ ከሩቅ የሚዞር ጭልፊት ወይም ይብራ ሊሆን ይችላል። ለማጣራት የሚቀጥለውን ፎቶ ማየት ይበቃል፤ ወፍ ቦታውን ይለውጣል።

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍተው በ100% ከላይ ግራ ጀምረው እንደ ማሳ ፈር በፈር እያዩ ይሂዱ። ነጥብ ካገኙ፣ በዚያው ዙም በ f/5.6 ሌላ ያንሱ። ነጥቡ በዚያው ቦታ ሆኖ ከሰፋና ከደበዘዘ ወይም ፈጽሞ ከጠፋ የሴንሰር ነው። ሌላ ሌንስ ካለዎት ቀይረው በ f/22 ይድገሙት፤ በሁለቱም ሌንስ በአንድ ቦታ የሚታይ ነገር ከሌንስ ሊመጣ አይችልም። በሁለተኛው ሌንስ የጠፋው ደግሞ ከመጀመሪያው ሌንስ ነው፤ ያኔ የፊቱን መስታወት ብቻ ሳይሆን የኋላውንም ይመልከቱ። የኋላው መስታወት ለሴንሰሩ ቅርብ ስለሆነ እዚያ ያለ አሻራ ከፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይጎዳል፤ ሰው ግን የሚወለውለው ሁልጊዜ ፊቱን ነው። በመመልከቻው ቀዳዳ ሲያዩ የሚታይዎት፣ ፎቶው ላይ ግን የሌለ ነጥብ ደግሞ ምስሉን ወደ መመልከቻው ከሚያንጸባርቀው መስታወት በላይ ባለው የፎከስ ገጽ ላይ ያለ አቧራ ነው፤ ፎቶ አያበላሽም፤ ተዉት። እንደ ከዋክብት የሚያበራ፣ ስፋቱም አንድ ፒክሰል ብቻ የሆነ ነጥብም አቧራ አይደለም፤ የሞቀ ፒክሰል ነው፤ ማጽዳት አይነካውም።

የነጥቦቹ ቅርጽም ብዙ ይናገራል። ድፍን ጥቁርና ጠርዙ ትንሽ የለሰለሰ ክብ ነጥብ ደረቅ አቧራ ነው። ጠምዘዝ ያለ ክር ከጨርቅ ወይም ከካሜራ ቦርሳ የወጣ ቃጫ ነው፤ ከነጠላና ከጋቢ የሚወጣውም ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው በነጠላ ጫፍ ሌንስ መጥረግን እንደ ጽዳት ይቆጥረዋልና ይህን ሳላነሳ አላልፍም። መሐሉ ነጣ ብሎ ዙሪያው የጠቆረ ቀለበት የሚመስለው ግን ከሹተሩ ማንቀሳቀሻ የተረጨ የዘይት ጠብታ ወይም የደረቀ የውኃ ጠብታ ነው፤ ይህኛው በአየር አይነሳም፤ እርጥብ ጽዳት ይፈልጋል። ይህን አስቀድመው ቢያውቁት የጎማ አየር መንፊያውን ብሎወር ሲጨምቁ አይውሉም።

ቦታውንም ካሜራው ውስጥ በትክክል ማግኘት ይቻላል። ሌንሱ ምስሉን ገልብጦ ስለሚጥለው፣ ካሜራውን ቀጥ አድርገው ከፊት ሆነው ሲመለከቱ ላይና ታቹ ተገልብጦ፣ ግራና ቀኙ ግን እንዳለ ሆኖ ያገኙታል። በፎቶው ቀኝ ላይኛው ጥግ ያለው ነጥብ በሴንሰሩ ላይ ፊት ለፊት ሲታይ በቀኝ ታችኛው ጥግ ነው ማለት ነው።

ምሳሌውን ከሥራ ገበታዬ ልውሰድ። አንድ ደንበኛዬ የእርስዎን ዓይነት ካሜራ ይዞልኝ መጣ፤ በጀልባ ወደ ዘጌ እየተመላለሰ ገዳማቱን ያነሳ ነበር፤ ሌንስም የሚቀይረው ጀልባው ላይ ነበር። የሙከራውን ፎቶ ስናይ አሥራ አንድ ደረቅ ነጥቦች፣ አንድ ረዥም ክርና ሁለት ቀለበቶች አገኘን። ከቀለበቶቹ አንዱ ከግራ 4100ኛው፣ ከላይ 600ኛው ፒክሰል ላይ ነበር። የካሜራው ፎቶ 5472 በ3648 ፒክሰል፣ ሴንሰሩ ደግሞ 35.8 በ23.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ነጥቡ ከግራ 26.8 ሚሊ ሜትር፣ ከላይ ደግሞ 3.9 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል፤ ሲገለበጥም ከሴንሰሩ ታችኛ ጠርዝ በ3.9 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ። በአጉሊ መነጽርና በእጅ ባትሪ ብርሃን አዘንብዬ ስመለከት በዚያው ቦታ አንዲት የሚያብረቀርቅ ጠብታ አየሁ። እንዲህ ዓይነት ስሌት ለአሥራ አራቱም ማድረግ አያስፈልግም፤ ለአንዱ ካደረጉ የሌሎቹ አቀማመጥ በዓይን ይገባዎታል።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ከሌንሱ ይጀምሩ፤ ቀላሉ እሱ ነው፤ ሴንሰሩን ከነኩ በኋላ ሌንስ ማጽዳት ደግሞ አቧራውን መልሶ መጋበዝ ነው። የጢስ ዓባይ ጠብታ ሲደርቅ ውኃው ተኖ በውስጡ የነበረው ደለልና ማዕድን መስታወቱ ላይ ይቀራል። በደረቅ ጨርቅ ሲወለውሉት ጠብታው ይለጠጣል እንጂ አይነሳም፤ ደለሉም የመስታወቱን ሽፋን ይጭራል። መጀመሪያ በጎማ ብሎወር ያንፉበት፤ ከዚያ ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የሌንስ ማጽጃ አድርገው፣ ሌንሱ ላይ ግን በቀጥታ ሳያፈሱ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየዞሩ ይጥረጉ። ጠብታው ካልለቀቀ እርጥቡን ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ አስነክተው ያርጥቡትና ይድገሙት። ትንፋሽም ለሌንስ ፊት ይሆናል። ለሴንሰር ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ከትንፋሽ ጋር የሚወጣው ምራቅ መስታወቱ ላይ ይደርቃል።

ለሴንሰሩ ቦታውን ያዘጋጁ። በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ከመንገድ የሚነሳው አቧራ ቤት ውስጥም ይገባልና መስኮቱን ዘግተው ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ካጸዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ቡና ተፈልቶ ዕጣን በጨሰበት ክፍል ውስጥ አይጀምሩት፤ ጭሱ ደስ የሚል ቢሆንም ያልተዘጋ ካሜራ ውስጥ የሚተወው ቅባት ነው። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ይህን እንደ ተራ ምክር አይለፉት። ጽዳቱ ላይ እያሉ ባትሪው ካለቀ ሹተሩ በእጅዎ ባለው መሣሪያ ላይ ይዘጋል፤ መጋረጃው እንደ ቅጠል ስስ ስለሆነ ይሰበራል፤ እሱን መቀየር ደግሞ ሴንሰሩን ከማጽዳት ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። በዚሁ ምክንያት የመምረጫውን ጎማ B ላይ አድርገው ሹተሩን በጣትዎ ይዘው ለማጽዳት አይሞክሩ፤ ጣትዎ ከተንሸራተተ ውጤቱ አንድ ነው።

መጀመሪያ ካሜራው ራሱ ያለውን ማጽጃ ይጠቀሙ። ካሜራውን በመቀመጫው ጠረጴዛ ላይ አድርገው "Sensor cleaning" ከሚለው ሜኑ "Clean now" የሚለውን ይምረጡ፤ መስታወቱ በንዝረት አቧራውን ያራግፋል። አንድ ሁለት ጊዜ በቂ ነው፤ ደጋግሞ ማድረግ የሚጨምረው ነገር የለም። ያልወደቀው ካለ የመምረጫውን ጎማ M ላይ አድርገው በዚያው ሜኑ "Clean manually" የሚለውን ይምረጡና ያረጋግጡ። አንጸባራቂው መስታወት ተነስቶ ይቆማል፤ ሹተሩም ይከፈታል። ካሜራውን አፉን ወደ ታች አዙረው ይያዙ፤ ብሎወሩን ከታች ወደ ላይ፣ ጫፉ ከሌንሱ መግጠሚያ ቀለበት ወደ ውስጥ ሳያልፍ፣ አሥር ጊዜ ያህል በኃይል ይጭመቁት። ብሎወሩ ጫፉ ላይ ብሩሽ ካለው ብሩሹን ይንቀሉት። ከመጀመርዎ በፊትም ወደ አየር ሁለት ሦስት ጊዜ ይጭመቁት፤ ብሎወር ከቦርሳ ሲወጣ የሚተፋው የመጀመሪያው አየር ንጹሕ አይደለም። ሲጨርሱ ካሜራውን ያጥፉ፤ መስታወቱ ይወርዳል፤ ሌንሱን ገጥመው የ f/22 ሙከራውን ይድገሙ።

የዚያ ደንበኛዬ ካሜራ በዚህ ብቻ ከአሥራ አንዱ ነጥብ ዘጠኙን ጣለ፤ ክሩ ግን ከመሐል ወደ ጥግ ተሰዶ እዚያው ተለጠፈ። አቧራ ከአየር በኋላ ቦታውን ከለወጠ ደረቅ ነው ማለት ነውና እንደገና በአየር ይሞክሩት፤ እኔም በሁለተኛው ዙር ክሩን አወጣሁት። ቀለበቶቹና ሁለቱ ነጥቦች ግን አልተነቃነቁም።

የካኖን መመሪያ በብሎወር ያልለቀቀውን አቧራ ወደ አገልግሎት ማዕከል እንዲወስዱ ይመክራል፤ እኔም ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ካሜራዎ ላይ እንዲሞክሩት አልመክርም። ያም ሆኖ በአቅራቢያዎ አማራጭ ላያገኙ ይችላሉና አሠራሩን በሙሉ ላስቀምጥ። የሚያስፈልግዎት ለሴንሰር የተሠራ፣ በፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ስዋብ የሚባል መጥረጊያና ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ ነው። ስዋቡ የሴንሰሩን ቁመት ሙሉ መሸፈን አለበት፤ ለእርስዎ ካሜራ 24 ሚሊ ሜትር፣ አነስተኛ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎች ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ጠባቡን ገዝቶ በሁለት ዙር መጥረግ በመሐል መስመር ይተዋል። ከፈሳሹ ሁለት ጠብታ ብቻ በስዋቡ ጠርዝ ላይ አንጠባጥበው ጥቂት ሰከንድ እስኪሰርግ ይጠብቁ። ከሴንሰሩ አንድ ዳር ጀምረው፣ ስዋቡን በትንሹ አዘንብለው፣ በአንድ ወጥ ጉዞ እስከ ሌላኛው ዳር ይሳቡት፤ ግፊቱ በእርሳስ ላላ አድርገው ሲጽፉ ከሚጠቀሙበት አይበልጥ። ከዳር ሲደርሱ ሳያነሱት ወደ ኋላ አይመልሱት፤ አንስተው ያልተነካውን ገጽ አዙረው በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ጊዜ ይሳቡ። ከዚህ በኋላ ስዋቡ ሥራው አልቋል፤ ለሌላ ዙር አዲስ ይክፈቱ። ፈሳሹ ሜታኖል ሊሆን ስለሚችል ከእሳት ያርቁት፤ ሜታኖል መርዛማም ነውና ልጆች የሚደርሱበት አያስቀምጡት።

ቁጠባ እዚህ ላይ ምን እንደሚያስከፍል ከራሴ ልንገርዎ። ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ ስዋብ ከአዲስ አበባ ካልሆነ የማይገኝ ነበርና አንዱን ስዋብ በአንድ ሴንሰር ላይ አራት ጊዜ አመላለስኩት። በሁለተኛው ዙር ከጠርዝ ያነሳኋት አሸዋ በሦስተኛው ዙር መስታወቱ ላይ ቀጭን መስመር አሰመረች። መስመሩ በ f/22 ይታያል፤ በ f/8 አይታይም፤ ካሜራው የራሴ ስለነበረ እስከ ዛሬ እሱን ለማስተማሪያ እጠቀምበታለሁ። ፈሳሽ ማብዛትም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ትርፉ በሴንሰሩ ዳር ተጠራቅሞ ሲደርቅ እንደ ማዕበል ዳርቻ ያለ የቅባት መስመር ይተዋል። እንዲህ ከሆነ አይደናገጡ፤ በአዲስ ስዋብ፣ በአንድ ጠብታ ብቻ ይድገሙት።

እንግዲህ ወደ ጓደኛዎ ምክር ልመለስ። ሶፍት ከወረቀት ቃጫ የተሠራ ነው፤ መስታወቱን ይጭራል፤ ቃጫውንም ይተዋል፤ አንድ ነጥብ ሊያወጡ ገብተው ሃያ ክር ይዘው ይወጣሉ። የፋርማሲው አልኮል ደግሞ 70% ነው፤ ቀሪው ውኃ ስለሆነ ቀስ ብሎ እየደረቀ ቀለበት ያሠራል፤ ለእጅ ማጽጃ የተዘጋጀው ከሆነ ቆዳ እንዳይደርቅ የተጨመረበት ግሊሰሪን እንደ ዘይት ይለጠፋል። በኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ያለው የኤሌክትሪክ ብሎወርና በጋራዥ ያለው ኮምፕረሰርም አይሁኑ፤ ግፊታቸው ለሹተሩ መጋረጃ አደገኛ ነው፤ የኮምፕረሰሩ አየር ደግሞ ውኃና ዘይት ይዞ ይወጣል። በጣሳ የሚሸጠው የታመቀ ጋዝም ሲዘነበል የቀዘቀዘ ፈሳሹን መስታወቱ ላይ ይረጫል። የጆሮ ጥጥ ይቅር።

የደንበኛዬ ካሜራ ሁለት ስዋብ ወሰደ። በመጀመሪያው አንዱ ቀለበትና አንዱ ነጥብ ጠፉ፤ ሌላኛው ቀለበት ወደ ዳር ተገፍቶ ተለጠጠ፤ ይህ ዘይት መሆኑን አረጋገጠልኝ፤ የደረቀ ውኃ ቢሆን ኖሮ ቦታውን ሳይለቅ ነበር የሚሳሳው። ሁለተኛው ስዋብ ዘይቱን ወሰደው። የቀረው አንድ ደካማ ነጥብ ነበር፤ በ f/22 ይታያል፣ በ f/11 ግን ተፈልጎም አይገኝም። እሱን ተውኩት። ሦስተኛ ስዋብ ማስገባት ነጥቡ ከሚያደርሰው ጉዳት የሚበልጥ አደጋ ነው ብዬ ስለማምን ነው። እርስዎም የሐይቁን ፎቶ በ f/22 ለምን እንደሚያነሱት ቢያስቡበት ደግ ነው፤ ቀዳዳው ያን ያህል ሲጠብ ብርሃኑ ራሱ ስለሚበተን ፎቶው ከ f/8 እና ከ f/11 ይልቅ ይለሰልሳል። f/22ን ለሙከራው ይተዉት።

አስቀድመው ያነሷቸው ፎቶዎች አይጣሉ። ነጥቡ በሁሉም ላይ በአንድ ቦታ ስለሆነ ላይትሩምን የመሰለ ፕሮግራም ላይ አንዱን አስተካክለው ወደ ሌሎቹ መቅዳት ይችላሉ፤ ፎቶዎቹ በአንድ አቅጣጫ የተነሱ መሆናቸውን ብቻ ያረጋግጡ፤ ማስተካከያው ሰማይ ላይ ያለውን ነጥብ እንጂ የታንኳ ቀዛፊውን ፊት እንዳይነካ። የሌንሱ ግራጫ እድፍ ግን እንዲህ አይታረምም፤ ከዙሙና ከቀዳዳው ጋር ቅርጹ ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱን ፎቶ ለየብቻ መሥራት ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ ሌንስ ሲቀይሩ ካሜራውን አጥፍተው፣ አፉን ወደ ታች አዙረው፣ ከነፋሱ ጀርባዎን ሰጥተው ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ ጀልባ ውስጥ አይቀይሩ። የካሜራውን ክዳንና የሌንሱን የኋላ ክዳንም በብሎወር ያንፉባቸው፤ ኪስ ውስጥ የቆየ ክዳን የኪሱን ብናኝ ሁሉ ይዞ ነው ካሜራው ላይ የሚገጠመው።

ሁለት ስዋብ ተጠቅመው፣ በቅርጹም በቦታውም አንዳች ያልተለወጠ ነጥብ ከቀረዎት፣ ሦስተኛውን ከመክፈትዎ በፊት በእጅ ባትሪ ብርሃን ከጎን አዘንብለው ይመልከቱት። ብርሃኑ ሲዞር መስመር ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ጭረት ነው። በሙከራው ፎቶ ላይ እያለ በላይኛው መስታወት ላይ ፈጽሞ የማይታይ ከሆነ፣ በተለይም በ f/5.6 እንኳ ጠርዙ ሳይደበዝዝ ስል ሆኖ የሚወጣ ከሆነ፣ አቧራው ከመስታወቱ በታች፣ ለቺፑ ቅርብ ገብቷል ማለት ነው። በሁለቱም ጉዳይ ስዋብ አይረዳም፤ የማጣሪያውን መስታወት አንስቶ መልሶ በትክክለኛው ርቀት መግጠም የሚችል ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ይኖርብዎታል። ርቀቱ በትንሹ ቢዛነፍ ፎከሱ ይሳሳታልና፣ ካሜራውን ሲመልስልዎ በ f/22 የነጭ ወረቀቱን፣ በ f/4 ደግሞ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተለጠፈ ጋዜጣ አንስተው አራቱንም ጥግ ያነጻጽሩ።